መኪና የሌላት ሴት የጻፈችው የመኪና ደንብ

«አንቺ መኪና የለሽም፤ መንዳትም አትችይም። ስለዚህ ገለልተኛ ነሽ» አለኝ ዳይሬክተሩ። የመኪና አጠቃቀም ደንብ የማርቀቁ ሥራ እኔ ላይ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ረኃብ ነው። ከጎንደር ቆላ፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ ሰው በእግሩ እየመጣ ድንበሩን ወደ ሱዳን ይሻገራል። እኔ ቀደም ብዬ ነበር የተሻገርሁት። ጎንደር ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ገዳሪፍ ስገባ እንግሊዝኛ የምትጽፍ፣ አማርኛ የምትናገር፣ ዐረብኛ የማያስደነግጣት ሠራተኛ የሚፈልግ የውጭ እርዳታ ድርጅት አገኘሁና የአስተዳደር ኃላፊ ተባልሁ። ስሙ ያምራል። በተግባር ግን ከደመወዝ እስከ ሽንት ቤት ቁልፍ ድረስ ባለቤት ያጣ ነገር ሁሉ የእኔ ነበር።

መኪኖቹ ግን ባለቤት በዝቶባቸው ነበር። ጠዋት ቁልፍ የያዘ የቀኑ ጌታ ነው። ምግብ ማከፋፈያ የምትሄደዋ መኪና ጠፍታ ስትፈለግ ገበያ በር ላይ ቆማ ትገኛለች። በዚህ መሀል በአንድ የዓርብ ዕረፍት የውሃ መሐንዲሳችን፣ እሱም እንደ ዳይሬክተሩ ኸዋጃ፣ ፈረንጅ ነው፣ ጓደኞቹን ጭኖ ኸሽም ኤል ቂርባ ግድቡ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። ሲመለስ አመሻሽ ላይ ከሾዋክ ወዲህ አስፋልቱ ላይ ግመል ገጨና ላንድ ክሩዘሯ ተገለበጠች። ሰው በእግዜር ቸርነት ተረፈ፤ ግመሉ ሞተ። የግመሉ ባለቤት በማግስቱ መጣና ቢሯችን በር ላይ ምንጣፉን አንጥፎ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገባም ስወጣም «ግመሌስ?» ይለኛል። ግመሉን የገጨሁት እኔ ይመስል።

ዋናው መሥሪያ ቤት ነገሩን ሲሰማ ቁርጥ ያለ መልእክት ላከ። የመኪና አጠቃቀም ደንብ ተጽፎ እስኪጸድቅ ድረስ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ የቆሙት አዳዲስ መኪኖች አይለቀቁም። ማን ይነዳል፣ ማን ይሳፈራል፣ መዝገቡን ማን ይሞላል፣ ነዳጅ በማን ፊርማ ይወጣል፣ ያጠፋ ምን ይደርስበታል፣ ሁሉም በጽሑፍ ይምጣ አለ።

እኔም የጽሕፈት መኪናዬን ረኩባው ሥር፣ የሳር ዳሱ ጥላ ውስጥ አወጣሁና ተቀመጥሁ። ገና «አንቀጽ አንድ» ብዬ ሳልጨርስ መሐንዲሱ መጣ። ክንዱ በፋሻ ታስሯል።

«መኪናዬ ቤቴ እንድታድር ጻፊልኝ» አለ።

«መኪናህ የለችም፤ ጋራዥ ናት» አልሁት።

«የምትተካዋን ማለቴ ነው። ሌሊት ፓምፕ ቢበላሽስ?»

«ሌሊት የተበላሸ ፓምፕ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ግን ቢበላሽስ?»

እንዲህ እያለ ሁሉም ሰው በየተራው «ቢሆንስ» ይዞ መጣ። ሁሉም ደንቡን ይደግፋል፤ ሁሉም ከደንቡ ውጭ መሆን ይፈልጋል። እኔ የጻፍሁት ቀላል ነበር። መኪና ሁሉ ማታ ግቢ ያድራል። ቁልፍ ስምሪት ክፍል ሳጥን ውስጥ ይሰቀላል። የሱዳን መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ በስምሪት ኃላፊው ያልተፈተነ፣ በጽሑፍ ያልተፈቀደለት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መሪ አይጨብጥም። መኪና የሚሰጠው ለማዕረግ ሳይሆን ለሥራ ነው፤ መጀመሪያ ሕሙማንና እህል፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ ስብሰባ። ዳይሬክተሩ ይህን አንብቦ «ጥሩ ነው» አለና «ማንም ይሁን ማን» ከሚለው ጎን በእርሳስ «ከአስተባባሪዎች በስተቀር» ብሎ ጨመረ። እኔ ሰረዝሁት። እሱ መልሶ ጻፈው። ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ እንዲህ ተጫወትን።

በመጨረሻ የታረቅነው ዓርብ ዓርብ ለግል ጉዳይ መኪና የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ያመልክት፣ ሾፌር ይውሰድ፣ በኪሎ ሜትሩ ልክ ይክፈል በሚለው ነው። አንድ ነገር ግን ዳይሬክተሩ ራሱ አጥብቆ ያስገባው ነበር፤ ግመሉ አስደንግጦት ይመስለኛል። ከከተማ ውጭ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማንም አይጓዝም፤ ይህንን የመፍቀድ ሥልጣን ማንም የለውም፣ ዳይሬክተሩም ጭምር። «ዳይሬክተሩም ጭምር» የምትለዋን ቃል ያስጻፈኝ እሱ ነው። «ምሳሌ መሆን አለብኝ» አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍሁት።

የስምሪት ኃላፊያችን የመተማ ሰው ነበሩ፤ ሽማግሌ፣ ረጅም፣ ጢማቸውን አበጥረው የሚይዙ። ከመተማ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ ጭነት ሲያመላልሱ ነው ያረጁት። ጥሩ ሾፌር ናቸው፤ ታላቁን ሎሪ የሚነዱትም ራሳቸው ነበሩ። እንደሳቸው የሚያናድደኝ ሰው ግን አልነበረም። ከንፈራቸው ሥር ትንባሆ ወትፈው ያነባሉ፤ ያነበቡትን ሁሉ ይነቅፋሉ።

«ይህ የጉዞ መዝገብ የምትይው» አሉኝ «የሚሞላው ማን ነው?»

«ሾፌሩ ነው ጋሼ። ቀን፣ የተነሣበትና የደረሰበት ሰዓት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሲነሣና ሲመለስ ያሳየው፣ ከየት ወዴት፣ ለምን ጉዳይ፣ የተሳፋሪ ስም፣ የተቀዳ ነዳጅ። ከዚያ መኪናውን ያዘዘው ሰው ይፈርማል።»

«የታላቁ ሎሪ ቆጣሪ ከሞተ ቆይቷል። ምን ልጻፍ? ነፍስ ይማር?»

«ይጠገናል።»

«ሽቦው የለም።»

«እስኪጠገን የየመንገዱን ርቀት ባንድ ሠንጠረዥ እናስቀምጣለን፤ ገላባት ይህን ያህል፣ ሾዋክ ይህን ያህል ብለን።»

«በበጋ ወይስ በኻሪፍ? በዝናብ ጊዜ መንገዱ ይዞራል።»

ልክ ነበሩ፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የገዳሪፍ መሬት መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሙጫ ይይዛል። በአራቱም ጎማ እየጎተተ፣ በመጀመሪያ ማርሽ እያቃሰተ የሚሄድ መኪና በደረቅ ቀን ከሚጠጣው እጥፍ ናፍታ ይጠጣል። ዳይሬክተሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ቁጥር ብቻ ፈለገ፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር፣ ከዚያ ያለፈ ሌባ ነው። አይሆንም አልሁ። በበጋ አንድ፣ በኻሪፍ አንድ፣ በአስፋልት አንድ ይሁን፤ ያለፈ ደግሞ ሌባ ሳይሆን የሚጠየቅ ይባል። ሞተሩም ታሞ ይሆናል፣ ማጣሪያውም ቆሽሾ ይሆናል፣ ሰውም ሰርቆ ይሆናል። ሳይጠየቅ አይታወቅም።

በነዳጁ ነገር የረዱኝ የሒሳብ ሹማችን ናቸው፤ ሙሐሲብ እንላቸዋለን። ነጭ ጀለቢያቸው ሁልጊዜ እንደታጠበ፣ ድምፃቸው ሁልጊዜ ዝቅ እንዳለ የሚኖሩ የገዳሪፍ ተወላጅ ናቸው። በዚያ ጊዜ ናፍታ በገዳሪፍ እንደ መድኃኒት ነው። በኮታ ይመጣል፣ በበርሜል ይቀመጣል፣ በጀሪካን ይሰወራል። ሙሐሲቡ እንዲህ አዘዙኝ፦ መኪና ሲቀዳ ሁልጊዜ እስከ አፉ ይሞላ። ከዚያ ወዲህ የነዳው ኪሎ ሜትር አሁን ለገባው ሊትር ሲካፈል ያኔ እውነቱ ይወጣል። ግማሽ ግማሽ እየቀዱ ማንም ማንንም አይቆጣጠርም። ነዳጅ የሚወጣው ጠዋት ከሙቀት በፊት፣ በሁለት ሰው ፊርማ ነው። በርሜሉ በሳምንቱ መጨረሻ ምልክት ባለው በትር ይለካ፤ ከመዝገቡ ቀሪ ጋር ይመሳከር። ቀጂውና ለኪው አንድ ሰው አይሁኑ። ይህ ክፍል ያለ ጭቅጭቅ አለፈ። ሙሐሲቡን የሚጨቃጨቅ አልነበረም።

ጭቅጭቁ የተነሣው በተሳፋሪ አንቀጽ ላይ ነው።

ከሠራተኛና በጤና ባለሙያ ወረቀት ከተላከ ሕመምተኛ በቀር ማንም አይሳፈርም ብዬ ጻፍሁ። ይህ ግድ ነበር። ወታደር ኬላ ላይ ውሰዱኝ ይላል፣ ነጋዴ ፍየሉን ይዞ ይለምናል፤ አንድ ጊዜ በር ከተከፈተ አይዘጋም። ሽማግሌው አነበቡትና ወረቀቱን መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«የገላባትን መንገድ አይተሽዋል?»

«በእግሬ መጥቼበታለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያ ዳር ዳሩን የወደቀውን ሰው ታውቂያለሽ። እዚያ መሀል ላይ ወረቀት የሚጽፍ ሐኪም የታለ?»

ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርሁ፦ ነፍስን የሚያሰጋ ነገር ሲገጥም ሾፌሩ ሰውን ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ አድርሶ በዚያው ዕለት ያስታውቅ። ዳይሬክተሩ በቀይ ሰረዘው።

ተናድጄ ገባሁ። እሱም ተናዶ ነበር የጠበቀኝ፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ድሮ በሌላ አገር ሲሠራ አንድ ሾፌሩ ከመንገድ ያነሣው ሰው መኪና ውስጥ ሞተበት አለኝ። ፖሊስ ሾፌሩን ገጭተህ ነው ብሎ አሰረው፤ የሟች ወገን ደም ካሣ ጠየቀ፤ መድን ድርጅቱ ያልተፈቀደ ተሳፋሪ ነው ብሎ እጁን አጠበ። ሾፌሩ ሲፈታ ሚስቱ ሌላ አግብታ ነበር።

«ሾፌሮቻችንን ነው የምጠብቀው» አለ።

«መንገድ ላይ ያለውንስ?»

«ለእሱ አምቡላንስ እንጠይቃለን።»

«ከማን?»

የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ገጠመ። ደንቡ ያለዚያች ዐረፍተ ነገር ታተመ፤ በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛ። ከሥሩም ቅጣቱ፦ ለቀላል ጥፋት የቃል፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ያልተፈቀደ ሰው ለጫነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ከመሪ መታገድ፤ ነዳጅ ለሰረቀ፣ መዝገብ ለዋሸ፣ ጠጥቶ ለነዳ ስንብት። ከማንኛውም ቅጣት በፊት ግን ሠራተኛው በኮሚቴ ፊት ይሰማል። ሁሉም ሾፌር ፈረመ። ሽማግሌው ሲፈርሙ ብዕሩን ይዘው ቆይተው «ይህ ነገር መጀመሪያ የሚበላው እኔን ነው» አሉ። ሁልጊዜም ያጉረመርሙ ስለነበር አላዳመጥኋቸውም።

ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ሎሪያቸውን ባዶ ይዘው ከገላባት በኩል ሲመለሱ አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከግራር ሥር ወድቃ አገኙ። መነሣት አልቻለችም። ሦስቱንም ጫኑና ወደ ስደተኞች መቀበያ ጣቢያው ክሊኒክ አደረሷቸው። ቢሮ ሲመለሱም መዝገቡ ላይ፣ የተሳፋሪ ስም በሚለው ረድፍ፣ በትልልቅ ፊደል «አንዲት እናት ከነልጆቿ፤ ስሟን ለመናገር አቅም አልነበራትም» ብለው ጻፉ።

ዝም ብለው ቢያልፉት ማን ያውቅ ነበር! ሌላው ሾፌር እንደሆነ ወታደሩንም ነጋዴውንም እየጫነ «ተሳፋሪ፦ የለም» ይላል። ይህን ስነግራቸው ተቆጡኝ።

«እውነቱን ጻፉ ያልሽው አንቺ አይደለሽ? የዋሸ ይባረራል ያልሽውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ምን ልሁን? ብዋሽ እባረራለሁ፤ እውነት ብናገር እታገዳለሁ። የትኛውን ነው የመረጥሽልኝ?»

ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ዳይሬክተሩ፣ ሙሐሲቡና እኔ። ሽማግሌው ታጥበው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ባላገር ቆመው ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ። አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ፤ ያም ሌላ ንዴት ነው።

«ደንቡን ያውቁ ነበር?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ፈርሜበታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጫኑ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህንን ምን ብለሽ ትተረጉሚለታለሽ ልጄ? እዚያ ትቻት ብመጣ ኖሮ ዛሬ ለምን ተውሃት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም በዪው።»

ተረጎምሁት። ዳይሬክተሩ ግንባሩን አሸ። «ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜም እጭናለሁ።»

እንዲህ ባይሉ ምናለ ብዬ ነበር ስፈራው የቆየሁት። «ተሳስቻለሁ፣ አይለመደኝም» ቢሉ ኖሮ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፍ ነበር፤ እሳቸው ግን ለመኪና እንጂ ለሰው መንገድ መልቀቅ አልለመዱም። ሙሐሲቡና እኔ አንቀጹ ራሱ ጎደሎ ስለሆነ ቅጣቱ ይቆይ አልን። ዳይሬክተሩ ደግሞ ደንቡ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ከታጠፈ ዋናው መሥሪያ ቤት መኪኖቹን አይለቅም አለ። የመጨረሻው ውሳኔ የዳይሬክተሩ ነው የሚለውንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ታገዱ። ደብዳቤውን በገዛ ጣቶቼ መታሁት። ሳቀብላቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተው፣ ቢሮው በር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ከግመሉ ባለቤት አጠገብ። ሁለቱ ሲያወሩ ዋሉ፤ እኔ በሁለቱ ፊት እያለፍሁ ገባሁ ወጣሁ።

በማግስቱ ሾፌሮቹ ሥራ ያቆማሉ ብዬ ነበር። አላቆሙም። የባሰ ነገር አደረጉ፤ ደንቡን ማክበር ጀመሩ።

እህልና ውሃ የጫኑትን ሎሪዎች አልነኩም፤ እነዚያ እንደ ወትሮው ጎሕ ሲቀድ ወጡ። የቢሮ መኪኖች ግን አልተንቀሳቀሱም። ከመነሣት በፊት ዘይት፣ ውሃ፣ ባትሪ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት ይታያል ይላል ደንቡ፤ አዩ። አንዷ የእጅ ፍሬኗ አይዝም፤ ፍሬኑ ያልተሟላ አይወጣም ይላል፤ አልወጣችም። የሌላዋ መለዋወጫ ጎማ ተላጧል፤ እሷም ቀረች። መሐንዲሱ ወደ ሦስተኛዋ ሮጠ። ሹፌሩ ሱዳን ያደገ፣ አማርኛውን ከዐረብኛ ጋር የሚያጣፋ ጎልማሳ ነው።

«ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?» አለው መዝገቡን ዘርግቶ።

«ለልዩ ልዩ ጉዳይ።»

«ልዩ ልዩ ማፊ፣ የለም። ቦታና ጉዳይ ነው የሚለው፤ ልዩ ልዩ የሚባል ቦታ አላውቅም።»

«ቁልፉን ስጠኝና ራሴ እነዳለሁ!»

«ማሌሽ፣ ይቅርታ፤ የሱዳን መንጃ ፈቃድ አሳዩኝ።»

መሐንዲሱ ወደ እኔ መጥቶ ጮኸ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የጻፍሁትን ነገር ሰው ሁሉ አንብቦልኝ እያለ አለቀስሁ፤ ከንዴት የተነሣ። ሾፌሮቹ ዘንድ ሄጄ ለመንኋቸው። «የትኛውን አንቀጽ ጣስን?» አሉኝ። አንዱንም አልጣሱም። የኋላ ኋላ ያን ሁሉ ጉድለት ሳይ፣ ባለፈው ሳምንት በነዚያ ፍሬኖች እየተጓዝን እንደነበር ገባኝና ሌላ ንዴት ጀመረኝ።

ዳይሬክተሩ ቀኑን ሙሉ የሆነውን አልሰማም። ጠዋት ደኅናይቱን መኪና ይዞ ሾዋክ፣ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ሄዶ ነበር። የወሰደው ሹፌር ዝምተኛ ነው፤ መዝገቡን አስፈረመው፣ ነዳው፣ ከስብሰባው በር ላይ ጠበቀው። ስብሰባው ረዘመ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሹፌሩ ገብቶ በጨዋ ደንብ «አሁን ካልተነሣን አንነሣም» አለው። ዳይሬክተሩ እጁን አወናጨፈበት፤ ትንሽ ጠብቅ ማለቱ ነው። ሲወጣ ፀሐይ ገብታለች።

«እንሂድ» አለ።

«ጨልሟል ጌታዬ።»

«አስፋልት ነው እኮ! አንድ ሰዓት መንገድ ነው።»

«ግመሉም አስፋልት ላይ ነው የሞተው።»

«እኔ ፈቅጃለሁ።»

ሹፌሩ ደንቡን ከመሳቢያው አወጣና መሪው ላይ ዘረጋለት። ዳይሬክተሩም ጭምር።

ይህንን ሁሉ ያጫወተኝ ሹፌሩ ነው። ሾዋክ ገበያ ዳር ባለች ሻይ ቤት፣ ገመዷ በላላ አንገሬብ አልጋ ላይ አደሩ። በማግስቱ ሲመጣ ፊቱ በወባ ትንኝ ተዥጎርጉሮ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ ነበር። ግቢውን አቋርጦ ዛፉ ሥር ወደ ሽማግሌው ሄደ። የግመሉ ባለቤት «ግመሌስ?» አለው። ዳይሬክተሩ «የአንተንም ጉዳይ ዛሬ እጨርሰዋለሁ» አለው፤ እውነትም ያን ቀን ሙሐሲቡን አስጠርቶ ካሣውን አስከፈለለት። ከዚያ እኔን ጠራኝና ሽማግሌው ፊት እንድተረጉም አቆመኝ።

«ሴትዮዋ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ይህን ጥያቄ በኮሚቴው ላይ ማናችንም አልጠየቅናቸውም ነበር። ሽማግሌው በታገዱ ማግስት በገበያ ሎሪ ተሳፍረው ጠይቀዋት ኖሯል።

«ታናሽዮዋ ሞተች» አሉ። «እናቲቱና ወንዱ ልጅ ግን እህል ቀምሰዋል። ስሟንም ነግራኛለች፤ መዝገቡ ላይ ልሞላው እችላለሁ?»

ዳይሬክተሩ ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ከዚያ «የሰረዝሁትን አምጪው» አለኝ።

አመጣሁለት። ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን እዚያው ዛፉ ሥር፣ ሙሐሲቡ ተጨምረው፣ አራታችን አንቀጹን እንደገና ጻፍነው። የዳይሬክተሩም ሥጋት ቦታ አገኘ። ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ሲገጥም ሾፌሩ ይጭናል፤ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ብቻ። በመንገዱ ላይ ላለው የመጀመሪያ የፖሊስ ኬላ ሰውየውን እንዴት እንዳገኘው ያስመዘግባል፤ ጤና ጣቢያው በምን ሁኔታ እንደተረከበው ወረቀት ይሰጠዋል፤ በዚያው ዕለት ለስምሪት ያስታውቃል። ይህን ያደረገ ሾፌር አይቀጣም፤ ችግር ቢደርስበት ድርጅቱ ጠበቃ ያቆምለታል። የመጨረሻዋን ያስገቡት ሙሐሲቡ ናቸው። ለመድን ድርጅቱም ተጻፈ፤ እነሱም ትንሽ ጭማሪ ጠይቀው ተቀበሉት። እንዲህ ቀላል ኖሯል። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ አንድ ደብዳቤ ባለመጻፋችን ነበር።

እገዳው ተነሣ። ማስጠንቀቂያው ግን ከማኅደራቸው እንዲወጣ ስጠይቅ ዳይሬክተሩ እንቢ አለ። «በዚያን ጊዜ የነበረው ደንብ ያ ነው» አለ። ተጨቃጨቅን፤ ሳንስማማ ቀረን። ሽማግሌው ራሳቸው «ተዪው፤ እዚያው ይቀመጥ፤ ስንብት ብጠይቅ ማስታወሻ ይሆነኛል» አሉኝ። ይህን በቀልድ ይበሉት በምር አላወቅሁም።

በምር ኖሯል። አዳዲሶቹ መኪኖች መጡ፤ መሐንዲሱ አንዷ ቤቱ እንድታድር ዳግመኛ ማመልከቻ አስገባ፤ ኻሪፍ ገባና መንገዱ ተዘጋ። ሰሊጥ ሲደርስ ሽማግሌው ለአንድ የገዳሪፍ ነጋዴ ሊነዱ ሥራቸውን ለቀቁ። የስንብት ወረቀታቸውን ሳዘጋጅ ቁልፍ አስረከቡኝ፣ ክሪክና ጎማ መፍቻውን ቆጥረው አስረከቡኝ፣ ባዶ ጀሪካን ሳይቀር። አንድም የጎደለ አልነበረም።

«ምነው ጋሼ፣ አንቀጹ ተስተካክሎልዎት?» አልኋቸው፤ ሆዴ ብሶኛል።

«ተስተካክሏል። ግን አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ያቆሙኛል። አረጀሁ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው፤ ከሾዋክ ስመለስ አስፋልቱ ላይ ተላለፍን። ሎሪያቸው የሰሊጥ ጆንያ እስከ ላይ ተቆልሎበታል፤ በጆንያው ላይ ደግሞ ሰው፣ ሴትም ወንድም፣ ፍየልም ጭምር ተሰቅሏል። ጡሩንባቸውን ረጅም አድርገው ነፉልኝ። ሹፌራችን ፍሬን ያዘና «አዩ ተሳፋሪ አጫጫናቸውን?» አለኝ።

«ንዳ» አልሁት። «ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው።»